9,400 ቪዲዮ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጥቁር ፎቶ

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለው። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀርጻል። ችግሩ የቀረጸውን መልሶ ማግኘት ነው። አንድ ሰው መጥቶ «የዛሬ ስምንት ዓመት ሰርጌን ቀርጸህልኝ ነበር፣ ፍላሹ ጠፋብኝ» ሲለው ስድስት ሃርድ ዲስክ እያፈራረቀ እየሰካ፣ 00012.MTS እና MVI_0034.MOV የሚሉ ፋይሎችን አንድ በአንድ ሲከፍት ይውላል። ካሜራ የሙሽራ ስም አያውቅም።

«ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ፎቶና አጭር ክሊፕ አውጣልኝ፣ እሱን እያየሁ ልፈልግ» አለኝ። ቆጠርኩት። 9,400 ፋይል፣ 11 ቴራባይት። በልቤ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መሣሪያው ffmpeg ነው። ነፃ ነው፣ ትዕዛዝ ጽፈህለት ነው የሚሠራው፣ እና የማይከፍተው የቪዲዮ ዓይነት ጥቂት ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦

```
ffmpeg -i 00012.MTS -ss 600 -frames:v 1 a.jpg
```

10ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ፎቶ አውጣ ማለት ነው። ያወጣል። ግን ለአንድ ፎቶ ቡና አስፈልቶ ያስጠብቃል። ምክንያቱ -ss የሚለው ከ -i በኋላ በመምጣቱ ነው። እንዲህ ሲጻፍ የተጨመቀውን ቪዲዮ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየፈታ 10 ደቂቃውን ሙሉ ይጥልና ከዚያ በኋላ ያለችውን አንድ ፍሬም ይሰጥሃል። -ss ን ከ -i በፊት ስታደርገው ግን መጀመሪያ ወደዚያው አካባቢ ዘሎ ይሄድና ከቅርብ ብቻ ይፈታል። ያው ፎቶ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ወጣ። የሁለት ቃል ቦታ መቀያየር ነው፣ በ9,400 ፋይል ሲባዛ ግን በሳምንትና በሌሊት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከዚያ የፋይሎቹን ዝርዝር በየተራ የሚያነብ ሉፕ ጻፍኩና ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሥራው አራተኛው ፋይል ላይ ቆሞ Enter command: የሚል ነገር ያሳየኛል። ከፍ ብዬ ሳይ ደግሞ edia/disk3 የሚባል ፎልደር የለም ይለኛል። የለማ! ፎልደሩ /media/disk3 ነው። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ማን በላቸው? ግማሽ ቀን ሉፔን ስመረምር ቆይቼ ነው የገባኝ። ffmpeg እየሠራ ሳለ ከኪቦርድ የሚመጣ ፊደል ይጠብቃል፣ q ስትል ያቆማል፣ c ስትል ትዕዛዝ ስጠኝ ይላል። ሉፕ ውስጥ ሲሆን ኪቦርዱ የመሰለው ነገር የእኔው የፋይል ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከቀጣዩ ፋይል ስም ላይ ፊደል እየቆነጠረ ይበላል፣ ከበላው ውስጥ c ካጋጠመው ደግሞ ተገትሮ ይጠብቃል። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ -nostdin። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለሱ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ስህተት የሚል ቃል የለም፣ ደስ አለኝ። ፎቶዎቹን ስቆጥር 3,100 ናቸው። የቀሩት ስድስት ሺህ የት ሄዱ? ነገሩ እዚያው የፋይል ስሙ ላይ ነበር። ያ ዓይነት ካሜራ አዲስ ካርድ በገባለት ቁጥር ከ00000 ይጀምራል። ስለዚህ ዲስኮቹ ላይ 00000.MTS የሚባል ፋይል በመቶዎች አለ፣ እኔ ደግሞ ሳትጠይቀኝ ጻፍበት የሚለውን -y ጨምሬ ፎቶውን 00000.jpg እያልኩ አንዱን ሰርግ በሌላው ሰርግ ላይ ስጽፍበት አድሬያለሁ። አሁን የፎቶው ስም ከፋይሉ ሙሉ አድራሻ ላይ በ sha1sum የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው፣ የትኛው የማን እንደሆነ በአንድ ሠንጠረዥ ተይዟል። ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ እሱን አውቄ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ፎቶ ማውጣት ቀላል ነው፣ የትኛውን ፎቶ ማውጣት እንዳለብህ ማወቅ ነው ከባዱ። 10ኛው ሰከንድ ላይ ካልክ ግማሹ ጥቁር ነው ወይም «የፍቅር ጉዞ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ነው። መሃሉ ላይ ካልክ የሰው ጀርባ ወይም ካሜራማኑ ሳያጠፋ የረሳው ወለል ነው። ffmpeg ውስጥ thumbnail የሚባል ማጣሪያ አለ፣ ከተከታታይ 100 ፍሬሞች ሁሉንም ይወክላል ያለውን ይመርጣል። ግን 100 ፍሬም በሰከንድ 25 በሚሄድ ቪዲዮ አራት ሰከንድ ብቻ ነው። አራቱም ሰከንድ ጥቁር ከሆነ ከጥቁሮቹ ምርጡን ጥቁር ይሰጥሃል።

እኔ ያደረግኩት ቀለል ያለ ነው። መጀመሪያ በ ffprobe የቪዲዮውን ርዝመት እጠይቃለሁ። ከዚያ በ10፣ በ30፣ በ50፣ በ70 እና በ90 በመቶው ላይ አምስት ፎቶ አወጣለሁ። ከአምስቱ የፋይል መጠኑ ትልቁ የሆነውን አስቀራለሁ። ለምን ብትሉ፣ ጄፔግ ባዶ ነገርን በጣም ይጨምቀዋል። በእኔ መጠን ጥቁር ፎቶ 3 ኪሎባይት አካባቢ ነው፣ ካሴት ማጫወቻው ምልክት ሲያጣ የሚያሳየው ሰማያዊም እንደዚያው ትንሽ ነው፣ ሰው ያለበት አዳራሽ ግን ከ25 እስከ 45 ይደርሳል። ምስሉን ማየት ሳያስፈልግ በክብደቱ መለየት ይቻላል። በጣም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

የአክስቴ ልጅ ውጤቱን አይቶ «ስማ፣ የድሮዎቹ ካሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው ያላቸው» አለኝ። ከፈትኩት። ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲያጣ የሚያሳየው፣ ጥቁርና ነጭ ነጥብ የሚርመሰመስበት ነገር። በ1990 አካባቢ በካሴት የተቀረጹት ሰርጎች ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ ካሴቱ እስኪያልቅ ነው የተተዉት። የሦስት ሰዓት ካሴት ላይ ሰርጉ አንድ ሰዓት ከሩብ ከሆነ ቀሪው ያ ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ደግሞ ለጄፔግ ከምንም በላይ የማይጨመቅ ነገር ነው። የአንዱን ካሴት መጠን አወጣሁት፦ 31፣ 38፣ 94፣ 96፣ 95 ኪሎባይት። የእኔ ብልጠት ሁልጊዜ 96ን ይመርጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ጣሪያ አበጀሁለት። ከ80 ኪሎባይት በላይ የሆነ ይጣላል፣ ከ6 በታች የሆነም ይጣላል፣ ከቀሩት ትልቁ ይወሰዳል፣ አምስቱም ከተጣሉ ፋይሉ በሰው ዓይን የሚታይ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። 80 የሚለው ቁጥር ለእኔ የፎቶ ስፋትና ጥራት ነው የሚሠራው። ስፋቱን ከቀየራችሁ ሃያ ፎቶ በእጃችሁ አይታችሁ ራሳችሁ ለኩት። አንድ የማይለቀው አመል አለው፦ ትልቁን ስለሚመርጥ ሕዝብ የበዛበትን ይወዳል። ጀርባው ደብዝዞ የሙሽራዋ ፊት ብቻ ከሚታይበት ይልቅ አበባ የተነሰነሰበት አዳራሽ ይሻለዋል። ለእኛ ጉዳይ ይበቃል፣ ፊቱን ክሊፑ ያሳያል።

ክሊፑን በተመለከተ ጂፍ ሞክሬ ወዲያው ነው የተውኩት። ቀለሙ 256 ብቻ ነው፣ ስድስት ሰከንዱ ብዙ ሜጋባይት ይሆናል። ያው ስድስት ሰከንድ ድምፅ በሌለው ኤምፒ4 250 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ለ9,400 ፋይል 2.3 ጊጋባይት። ከአራት ቦታ፣ በ15፣ በ35፣ በ55 እና በ75 በመቶው ላይ፣ አንድ ተኩል አንድ ተኩል ሰከንድ እቆርጣለሁ፦

```
ffmpeg -nostdin -v error -ss 728 -i 00012.MTS -t 1.5 -an \
 -vf "yadif=deint=interlaced,scale=trunc(240*dar/2)*2:240,setsar=1,fps=15" \
 -c:v libx264 -pix_fmt yuv420p p1.mp4
```

አራቱም ቁራጭ በአንድ ዓይነት ልክ ስለተሠሩ መጨረሻ ላይ እንደገና ሳይፈቱ ተቀጣጥለው አንድ ይሆናሉ። ያ የሚያስፈራው scale የመጣው ከአንድ ቀልድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ክሊፖች ሳሳየው «ምነው ሙሽሮቹ ሁሉ ከሱ?» አለኝ። እውነትም ሁሉም ቀጥነዋል። አንዳንዶቹ ካሜራዎች 1440 በ1080 አድርገው ነው የሚያስቀምጡት፣ ሲታይ ግን ወደ 1920 መለጠጥ አለበት፣ ነጥቦቹ ጎናቸው እኩል የሆነ ካሬ አይደሉምና። ማጫወቻ ይህን አንብቦ ይለጥጠዋል፣ እኔ ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስጄ ነበር። dar የሚለው ትክክለኛውን የመታያ ቅርጽ ይይዛል። በሁለት ተካፍሎ መልሶ መባዛቱ ደግሞ ስፋቱ ጎዶሎ ቁጥር እንዳይሆን ነው፣ በዚህ አሠራር ቪዲዮውን የሚጨምቀው libx264 ጎዶሎ አይቀበልም።

ፍጥነት ላይ አንድ ነገር ልበል። ፕሮሰሰሬ ስምንት ኮር ስላለው ስምንቱን አንድ ላይ ለቀቅኩ፣ ዲስኩ እንደ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረና ሥራው ከበፊቱ ዘገየ። የሚሽከረከር ዲስክ ስምንት ቦታ አንድ ላይ ማንበብ አይችልም፣ መርፌው ሲሮጥ ነው የሚውለው። በአንድ ዲስክ ሁለት ሥራ፣ ሦስት ዲስክ ጎን ለጎን፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ሌሊትና ቀን አለቀ።

አለቀ ስል ግን 140 ፋይል ፎቶ የለውም፣ አብዛኞቹ ላይ የስህተት መልእክትም የለም። ffmpeg ከቪዲዮው መጨረሻ አልፈህ ፎቶ ስትጠይቀው ምንም ሳያወጣ «ተሳክቷል» ብሎ ይመለሳል፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ እኔው -v error ብዬ አፍኜዋለሁ። አብዛኞቹ ከዲቪዲ የተገለበጡ ነበሩ፣ ውስጣቸው ያለው ሰዓት መሃል ላይ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ffprobe የሚናገረው ርዝመት ውሸት ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ፋይሉ መኖሩንና ባዶ አለመሆኑን አያለሁ። ከሌለ ርዝመቱን ትቼ በ30ኛው ሰከንድ፣ በ2ኛው፣ በ5ኛው ደቂቃ እሞክራለሁ። ይሄ ወደ 120 የሚሆኑትን አዳነ።

የቀሩት 19 moov atom not found ይላሉ። ካሜራው እየቀረጸ ባትሪ ሲያልቅበት ወይም ካርዱ ሲነቀል መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ማውጫ ሳይጻፍ ይቀራል፣ ምስሉ ውስጥ አለ ግን የት እንደሚጀምር የሚናገር የለም። ዝርዝሩን ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ሦስቱን ያውቃቸዋል፣ «እነዚህን እኮ ደንበኛ አልጠየቀንም ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ስላለን untrunc በሚባል ሌላ መሣሪያ እየሞከርናቸው ነው። እስካሁን አራቱ ተከፍተዋል፣ አንዱ ላይ ድምፁ ከምስሉ ሁለት ሰከንድ ይቀድማል።