ዝርዝሩ 74,775፣ ድምሩ ግን 77,475፦ ለአቅራቢው የጻፍኩት ኢሜይል

ኢንቮይሱ ላይ የተዘረዘሩት አራት ዓይነት የቢሮ ዕቃዎች ብቻ ናቸው። 40 እሽግ ኤ4 ወረቀት በ620 ብር፣ 6 ቶነር በ4,350 ብር፣ 85 ቦክስ ፋይል በ145 ብር እና 30 ፓኬት እስክሪብቶ በ385 ብር። ብዛቱ በዋጋው ሲባዛ በቅደም ተከተል 24,800፣ 26,100፣ 12,325 እና 11,550 ይመጣል፤ በየመስመሩ የተጻፈውም ይኸው ነው። አራቱ ሲደመሩ 74,775 ብር ይሆናሉ። ከሥር «ከቫት በፊት ድምር» በሚለው ቦታ የሰፈረው ግን 77,475 ነው። የ15 በመቶው ቫት በዚሁ ቁጥር ላይ ተሰልቶ 11,621.25 ሆኗል፣ ጠቅላላውም 89,096.25። ትክክለኛው 85,991.25 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ 3,105 ብር ነው።

ኢሜይሉን ከመጻፌ በፊት ስሌቱን በኤክሴል እንደገና ሠራሁት። የየመስመሩን ድምር ከኢንቮይሱ ገልብጦ መደመር አይበቃም፤ ማባዛቱ ራሱ ስህተት ከሆነ ያ ስህተት አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ብዛቱን በአንድ ዓምድ፣ የአንዱን ዋጋ በሌላው አስገብቼ ማባዛቱንም መደመሩንም ለቀመሩ ተውኩለት፦

```
=SUMPRODUCT(C2:C5,D2:D5)
=ROUND(SUMPRODUCT(C2:C5,D2:D5)*0.15,2)
```

የመጀመሪያው 74,775 ሰጠ፣ ሁለተኛው 11,216.25። ቀጥዬ ብዛቱን ከዕቃ መረከቢያ ሰነዱ ጋር፣ ዋጋውን ከግዢ ትዕዛዙ ጋር አመሳከርኩ። ሁለቱም ይገጥማሉ። ይህን ቀድሞ ማረጋገጥ ግድ የሚሆነው፣ ዋጋው ራሱ ከትዕዛዙ የተለየ ቢሆን ጉዳዩ የድምር ሳይሆን የዋጋ ስለሚሆን ነው። ያኔ ደብዳቤው ሌላ ነው፣ የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ የግዢ ክፍል ነው።

ልዩነቱን ሲያዩ ከቫት በፊት ያለውን ማየት ይሻላል። 3,105 ብዙም አይናገርም፣ ቫት ተቀላቅሎበታልና። ከቫት በፊት ያለው 2,700 ግን ይናገራል፤ ለ9 ሲካፈል እኩል 300 ነው። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። እዚህም 74,775 ውስጥ ያሉት 4 እና 7 ቦታ ቢለዋወጡ በቀጥታ 77,475 ይሆናል። ልዩነቱ የዝርዝሩን ልክ 15 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቫት ያለበትና የሌለበት ዋጋ መቀላቀሉን እጠረጥር ነበር። የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ሲሆን ደግሞ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ማጠጋጋት ነው። ለምሳሌ ቫትን ጨምሮ 450 ብር የሚሸጥ ዕቃ ለ1.15 ሲካፈል 391.304 እያለ ይቀጥላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው 391.30 ብቻ ነው። 30 ፓኬት ሲሆን ኤክሴል 11,739.13 ይላል፣ በእጅ ያባዛ ሰው 11,739.00 ያገኛል። ለ13 ሳንቲም ኢሜይል አይጻፍም፣ ድርጅቱ ለማጠጋጋት የፈቀደው ወሰን ካለ በዚያ ያልፋል።

ለ9 መካፈሉ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። 2,700 ብር የማጓጓዣ ሒሳብም ሊሆን ይችላል፤ አቅራቢው ከድምሩ ላይ ጨምሮ በዝርዝሩ ሳያስገባው ቀርቶ። ግዢ ትዕዛዙን መልሼ ሳነበው «ዋጋው ዕቃውን እስከ መጋዘናችን ማድረስን ይጨምራል» ይላል። ማጓጓዣ ተጨምሮ ከሆነ ከስምምነቱ ውጪ ነው ማለት ነው። ሆኖም መጠርጠር እንጂ ማወቅ አልችልም፤ ያንን የሚያውቀው ኢንቮይሱን ያዘጋጀው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ኢንቮይሳችሁ ላይ የድምር ስህተት አለ። እባካችሁ አስተካክላችሁ ላኩልን።» አጭር ነው፣ «እባካችሁ»ም አለበት። ግን አይሠራም። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ስለማይናገር ተቀባዩ ኢንቮይሱን ከዳር እስከ ዳር ሊፈትሽ ነው፤ ሥራ የበዛበት ከሆነ ያንኑ ወረቀት መልሶ ይልካል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ድምርን ከዝርዝር ማስማማት በሁለት መንገድ መቻሉ ነው። ድምሩን ወደ 74,775 ማውረድ አንዱ ነው። ሌላው ድምሩን እንዳለ ትቶ የቶነሩን ዋጋ ከ4,350 ወደ 4,800 ማሳደግ ነው፤ 6 ጊዜ 450 ልክ 2,700 ነው። ያ ወረቀት ሲመጣ ድምሩ ፍጹም ይገጥማል፣ ድምር ብቻ የሚያይ ሰውም ፈርሞ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ኢሜይሉ ዋጋው ከየትኛው ሰነድ ጋር እንደሚገጥም በግልጽ መናገር አለበት። የላክሁት ይህን ነው፦

ርዕስ፦ ኢንቮይስ ቁ. 0417 – በዝርዝሩና በድምሩ መካከል ስላለ የብር 3,105.00 ልዩነት

ለተከበራችሁ የሽያጭና የሒሳብ ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የላካችሁልን ኢንቮይስ ቁጥር 0417 ደርሶናል። ዕቃዎቹንም በትዕዛዙ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተረክበናል፤ እናመሰግናለን።

ክፍያውን ስናዘጋጅ የአራቱ ዕቃዎች ዝርዝርና ከቫት በፊት ያለው ድምር እንደማይገጥሙ ተመልክተናል።

በዝርዝሩ መሠረት፦ ድምር 74,775.00፣ ቫት 11,216.25፣ ጠቅላላ ብር 85,991.25
በኢንቮይሱ ግርጌ፦ ድምር 77,475.00፣ ቫት 11,621.25፣ ጠቅላላ ብር 89,096.25

የየዕቃው ብዛት ከመረከቢያ ሰነዳችን፣ የአንዱ ዋጋም ከግዢ ትዕዛዛችን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ልዩነቱ ከቫት በፊት ባለው ድምር ላይ ያለ ይመስለናል። በዝርዝሩ ያልተካተተ ሌላ ሒሳብ ካለ ግን እባካችሁ ምንነቱን አሳውቁን።

ዝርዝሩ ትክክል ከሆነ በብር 85,991.25 የተስተካከለ ኢንቮይስ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ለ0417 አስቀድሞ የማሽን ደረሰኝ ተቆርጦ ከሆነም ብትገልጹልን ማስተካከያው በምን ሰነድ እንደሚሠራ እንነጋገራለን። እስከ መስከረም 27 ከደረሰን በተስማማነው ቀን፣ መስከረም 30፣ ክፍያውን መፈጸም እንችላለን።

ስሌታችንንና የኢንቮይሱን ቅጂ አያይዘናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሒሳብ ክፍል

ርዕሱ ላይ የኢንቮይሱን ቁጥርና የልዩነቱን መጠን ያስገባሁት፣ ተቀባዩ ሳይከፍተው ወደ ትክክለኛው ሰው እንዲያስተላልፈው ነው። «አስቸኳይ» የሚል ቃል የለውም፤ ቀኑ ራሱ ይበቃል። ዕቃው በሙሉ መድረሱን መጀመሪያ መናገሬም ለጨዋነት ብቻ አይደለም። አቅራቢ ስለ ኢንቮይስ ጥያቄ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያስበው ክፍያ ሊዘገይበት እንደሆነ፣ ወይም ዕቃው ላይ ቅሬታ እንዳለ ነው። ሁለቱም እንዳልሆኑ ካወቀ መልሱ ስለ ቁጥሩ ይሆናል።

«ተሳስታችኋል» የሚል ቃል የለም፣ «ይመስለናል» ነው ያልኩት። ይህ ይሉኝታ አይደለም፤ የማጓጓዣው ነገር ስላልጠራልኝ ነው። የቦታ መለዋወጡንም ሆን ብዬ አልጠቀስኩም። ምክንያቱን እኔ ከሰጠኋቸው «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፣ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ቢሆንም እንኳ። ቁጥሩን አሳይቶ ምክንያቱን እነሱ እንዲናገሩ መተው ይሻላል።

የደረሰኙ ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም የጉዳዩ ከባድ ክፍል እሱ ነው። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ በ89,096.25 ወጥቶ ከሆነ የ405 ብሩ ትርፍ ቫት በማሽኑ ተመዝግቧል። አዲስ ኢንቮይስ ማተም ብቻውን አያጠፋውም፣ በእጅ ሰርዞ ፓራፍ ማድረግም አያስተካክለውም፤ በክሬዲት ኖት ወይም በማሽኑ የተመላሽ ሥርዓት መሄድ ይኖርበታል። በእኛም በኩል ዊዝሆልዲንግ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ በ77,475 ቢቀነስ የምንሰጣቸው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝም ይሳሳታል። «ልዩነቱን ቀንሰን እንክፈልና ወረቀቱ ይቆይ» የሚለው አቋራጭ የማያዋጣውም ለዚህ ነው፦ ብሩ ትክክል ይሆናል፣ ሦስት ሰነዶች ግን ከብሩ ጋር አይስማሙም።

መልሱ እስኪመጣ ኢንቮይሱን ፒችትሪ ላይ አላስገባሁም። አስገብቶ መጠበቅ ችግር አለው፤ የተስተካከለው በሌላ ቁጥር ከመጣ ሁለቱ እንደ ሁለት ዕዳ ይቀመጣሉ። ሌላም አለ፦ የተስተካከለ ኢንቮይስ አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይዞ ከመጣ፣ በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ ፋይላችን ውስጥ ባለው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በማግስቱ መለሱ። የማሽን ደረሰኝ ገና አልተቆረጠም፣ ማጓጓዣም አልተጨመረም፤ ድምሩን ከካልኩሌተር ሲገለብጡ አሃዝ ተለዋውጦባቸው ነው። ኢንቮይስ 0421 ላኩ፣ «0417ን ይተካል» የሚል ማስታወሻም ጽፈውበታል። እንደ አዲስ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዋጋዎቹ እንደነበሩ ናቸው፣ ድምሩ 74,775፣ ቫቱ 11,216.25፣ ጠቅላላው 85,991.25። ከሥሩ በፊደል የተጻፈው ግን አሁንም «ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ ዘጠና ስድስት ብር ከ25 ሳንቲም» ይላል። በዚያው ኢሜይል ሥር ሦስት መስመር ጽፌ መለስኩት፦ ቁጥሮቹ በሙሉ ትክክል ናቸው፣ የቀረው በፊደል የተጻፈው ብቻ ነው፣ መሆን ያለበት «ሰማንያ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ብር ከ25 ሳንቲም» ነው። ከሰዓት በኋላ ተስተካክሎ መጣ።