ሬሳው የማን ነው?

የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ የምንመልስበት ስቱዲዮአችን ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው ተቀጥሮ አያውቅም። ስልኩ ለተርጓሚዎች ጠረጴዛ ስለሚቀርብ እኔ አነሳለሁ። ከሚደወለው ግማሹ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ያ ድራማ ስሙ ማን ነበር?» ከዚያ ታሪኩ ይከተላል። ልጁ ድሃ ነው፣ ልጅቷ የሀብታም ልጅ ነች፣ እናትየው ጋብቻውን አትፈልግም። በዚህ ብቻ ድራማ ፈልጌ ላግኝ ብል ግማሽ ቱርክን መጥራት ሊኖርብኝ ነው።

እኔ ግን በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። እስከዚያች ሴትዮ ድረስ።

ቤይሩት 14 ዓመት ሠርተው የተመለሱ ናቸው። ድራማውን ያዩት ማዳማቸው ቤት፣ ልብስ እየተኮሱ፣ በዐረብኛ ነው። መጨረሻውን ሳያዩ ውላቸው አለቀና መጡ። «ፍቅር ነው፤ ግን የጨለመ ነገር አለበት። ልጅቷ ሀብታም ነች፣ ቤተሰቧ ጉድ ነው» አሉኝ።

«ስሙ ትዝ አይልዎትም?»

«በዐረብኛው አል ዒሽቅ አል አስወድ ነው የሚሉት።»

አበቃ። ጥቁር ፍቅር። ቱርክኛው ደግሞ «ካራ ሴቭዳ»፤ ካራ ጥቁር፣ ሴቭዳ ፍቅር። አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም። የማዕድን መሐንዲሱ ከማል፣ ሠዓሊዋ ኒሃን፣ ለወንድሟ ስትል የምታገባው ያ ክፉ ኤሚር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት ያገኘው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽልማቱን እንኳ አልተውኩም። መርቀውኝ ዘጉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉ። የእህታቸው ልጅ አውርዶላቸው ሃያ ክፍል አይተዋል።

«የኔ ልጅ፣ ፖሊሱ የታለ?»

«የቱ ፖሊስ?»

«ፖሊሱ ነዋ! ዋናው!»

ከማል ፖሊስ እንዳልሆነ፣ ዞንጉልዳክ ማዕድን ማውጫ ሠርቶ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚመለስ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «አንተ አይተኸዋል ግን?» አሉ። ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ቡና የምታፈላልን እትዬ ጀበናዋን እያቀረበች ሁሉንም ትሰማ ነበር። «ስጠኝ እስቲ» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ስም አልጠየቀችም፤ የፍቅረኞቹን ነገርም አላነሳችም። አንድ ነገር ብቻ አለች፦

«እመቤት፣ ሲጀመር ሬሳው የማን ነው?»

ከወዲያ በኩል ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። «የእጮኛው! መኪና ውስጥ! ከአንድ ትልቅ ሰውዬ ጋር!»

እትዬ ወደ እኔ ዞራ «ኦመርና ኤሊፍ» አለች። ልክ ነች። «ካራ ፓራ አሽክ» ነው። ፖሊሱ ኦመር እጮኛውን መኪና ውስጥ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተገድላ ያገኛታል፤ ነጋዴው የኤሊፍ አባት ነው። ሁሉም ሁለቱ ፍቅረኞች ነበሩ ብሎ ያስባል። ኤሊፍ ደግሞ የጌጣጌጥ ዲዛይነር ነች፤ አባቷ የት እንዳደረሰው የማይታወቅ አልማዝ አምጪ ትባላለች። ሁለቱን ያገናኛቸው ፍቅር ሳይሆን ሬሳ ነው። ይህን የሚመስል ሌላ የለም።

ስሙ ግን አሳስቶኛል ብዬ ልከራከር። ቱርክኛው «ጥቁር ገንዘብ ፍቅር» እንደማለት ነው። ዐረቦቹ ገንዘቡን አውጥተው «ጥቁር ፍቅር» አሉት። «ካራ ሴቭዳ»ን ደግሞ፣ ቃል በቃል ጥቁር ፍቅር የሆነውን፣ «ዕውር ፍቅር» ብለው ሰየሙት። እኔ ዐረብኛውን ወደ ቱርክኛ ስመልሰው ትርጉሜ ልክ ነበር፤ ድራማው ግን ሌላ ነው። ተርጓሚ የሆነ ሰው ይረዳኛል። እትዬ አልተረዳችኝም።

በስም መፈለግ ቀድሞም ተስፋ የለውም። ዐረቦቹ የገጸ ባሕርያቱን ስም ሁሉ የሚቀይሩበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የዐረቡን ዓለም ያናወጠው «ኑር» በቱርክኛ «ጉሙሽ» ነው፤ መህመት የሚባለው ልጅ ሙሃነድ ሆኗል። ከባሕረ ሰላጤው የመጣች ሴት ሙሃነድን ብትጠይቀኝ መህመትን አስቤ መመለስ አለብኝ። ሀብታምና ድሃም አይጠቅምም፤ በሁሉም ውስጥ አለ። የሞተው ሰው፣ የጠፋው ዕቃ፣ የዋናው ሰው ሥራ፣ እነዚህ ግን የትም አገር ቢሄዱ አይቀየሩም። እትዬ ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። «ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ሞተ ነው» ነው የምትለው።

ሥራ አስኪያጃችን በዚያው ሰሞን ትርጉም ድራማ ለምን እንደተወደደ ጽፎ ነበር። አራት ገጽ። የምስል ጥራት፣ የተዋንያን ውበት፣ የኢስታንቡል ባሕር። ቤይሩት ላይ ልብስ እየተኮሱ የሚያዩት ሴትዮ ውስጡ የሉም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር እኮ ዲሹ ጣሪያ ላይ ነበር፤ የዐረብ ጣቢያ ከፍቶ ቋንቋውን ሳይሰማ ከተዋንያኑ ፊት ታሪክ የሚገምት ቤተሰብም ነበር። የጎደለው አማርኛው ብቻ ነው። ጽሑፍ ከሥር የሚወጣ ፊልም ዓይን ይፈልጋል፣ ፊደልም ይፈልጋል። በአማርኛ የሚናገር ድራማ ግን ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቡና እየቆሉ ይሰማል። አያትም ትሰማለች። ደግሞም ቱርኮቹ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት የሚያሳዩትን ለውጭ ሲሸጡት ወደ 45 ደቂቃ ይቆርጡታል፤ ስለዚህ እዚህ ማታ ማታ ይመጣል። የዛሬው ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ነገ ይደርሳል።

አራት ገጹ ላይ ያልገባ ሌላም አለ፤ ይሄኛው የኛ የሙያ ምስጢር ነው። ቱርክኛ እንደኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ተዋናይዋ ትንፋሿን ይዛ ይዛ የምትፈነዳው ግሱ ላይ ነው፤ የእኛም ግስ እዚያው ይደርሳል። አፍና ስሜት አብረው ይሄዳሉ። የላቲኖቹን ስንሠራ ግሱ ቀድሞ ወጥቶ ፊቷ ቀድሞ ያለቅሳል፤ እኛ ገና «አባትሽን» ላይ ነን።

የሚያስቸግረው ጾታ ነው። ቱርክኛ «ጌልዲ» ሲል መጣ ይሁን መጣች አይታወቅም። ገዳዩ ገና ያልታወቀበት ክፍል ላይ አንዲት ቃል ግማሽ ቀን ትፈጅብኛለች። «መጣ» ካልኩ ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ አወጣሁ፤ «መጣች» ካልኩ ሌላውን። ስለዚህ «መጡ» እላለሁ። አክብሮት ጾታን ይደብቃል። በዚህ ዘዴዬ ስቱዲዮው ውስጥ እታወቃለሁ።

እትዬ ስልኩን መለሰችልኝ። ሴትዮዋ አሁን ደስ ብሏቸዋል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ በማን በኩል እንደሚያገኙትም ነገርኳቸው።

«እንዳትነግረኝ» አሉ። «ራሴ ነው የማየው። አንድ ነገር ብቻ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የምጨርሰው በከንቱ እንዳይሆን፣ ገዳዩ መጨረሻ ላይ ይገኛል አይደል?»

«አይጨነቁ» አልኩ ተዝናንቼ፤ «ይያዛል።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ይያዛል?» አሉ። «ወንድ ነው እንዴ!»

እትዬ ሲኒውን አስቀምጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ይያዛሉ» ማለት ምን ነበረበት?