«ስህተቱን ፈልጉ» የሚለው ጥያቄ እንዴት ጉድ እንደሠራኝ

ድሮ የማወጣው የፕሮግራሚንግ ፈተና «የፎር ሉፕን አጻጻፍ አሳዩ» ዓይነት ነበር። የሸመደደ ሁሉ ይደፍነዋል። ያው ተማሪ ግን ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ስድስት መስመር ኮድ ሲሰጡት ምን እንደሚሠራ መናገር ያቅተዋል። ስለዚህ ይህን ኮድ ሰጠኋቸው፦

```python
def f(lst):
    m = 0
    for x in lst:
        if x > m:
            m = x
    return m
```

«ፈንክሽኑ ትልቁን ቁጥር እንዲመልስ የተጻፈ ነው። ስህተቱን ፈልጋችሁ አስተካክሉ» አልኩ። ሲንታክሱ ንጹሕ ነው፤ `[3, 7, 2]` ሲገባለት 7 ይመልሳል። ችግሩ `m` ከ0 መነሣቱ ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ ከዜሮ በታች ከሆኑ `if` ውስጥ አንዴም አይገባም።

እርማቱ ላይ ጉድ ፈላ። ብዙዎቹ `>`ን ወደ `>=` ቀይረዋል፤ ግምት ነው። አንዳንዱ ኮዱን ሰርዞ የራሱን ጽፏል። ይሠራል፣ ግን የኔን ማንበቡን በምን ልወቅ? አንዱማ `return max(lst)` ብሎ ገላገለኝ።

በሚቀጥለው ዙር ጥያቄውን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። መጀመሪያ የተሳሳተ መልስ የሚያመጣ ሊስት ስጡ። ቀጥሎ ኮዱ በዚያ ሊስት ምን እንደሚመልስና ምን መመለስ እንደነበረበት ጻፉ። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ቀይራችሁ አስተካክሉ። `[-5, -2, -9]` ብሎ «0 ይመልሳል፣ -2 መሆን ነበረበት» ያለ ተማሪ ኮዱን በጭንቅላቱ አስኪዶታል። `>=` የሚለው ገማች ደግሞ `[7, 7]` ይሰጣል፤ ኮዱ ግን እዚያ ላይ ትክክለኛውን 7 ይመልሳል። እዚህ ይያዛል።

`m = -1000` ላሉት ግማሽ ነጥብ ሰጠሁ፤ `[-2000]` ላይ ይወድቃላ። ሙሉውን ያገኘው `m = lst[0]` ነው።

አንዲት ተማሪ ግን ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ሊስቱ ባዶ ቢሆንስ? የእርስዎ ማስተካከያ `IndexError` ያመጣል እኮ። የበፊቱ ቢያንስ 0 ይመልስ ነበር።» ለመጀመሪያው ክፍል `[]` ብላ መልሳ ኤክስ አድርጌባታለሁ። ባዶ ሊስት ምን መመለስ እንዳለበት ጥያቄው ላይ አልጻፍኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ነጥቧን መለስኩላት። አሁን «ሊስቱ ቢያንስ አንድ ቁጥር አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቀርም።

ከዚያ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተሸመደደ። የሚቀጥሉት ተማሪዎች «`m` ካያችሁ የኔጌቲቭ ሊስት ስጡ» ተባብለው ነው የገቡት። እኔም `m = lst[0]` አድርጌ ሉፑን `for x in lst[:-1]:` አልኩት፤ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘላል። `[-5, -2, -9]` ብለው ጻፉ። ኮዱ በዚያ ሊስት -2 ይመልሳል፣ ልክ ነው። ያነበቡት `[1, 5]` ጽፈው ነበር።