ቅዳም ሹር ላይ ወጥ የቀመሰችው ልጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅመም አስፈጭተው በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡ አንዲት እናት «ለፋሲካ የምትሆን አጭር ታሪክ ጻፍልኝ፤ ሬዲዮ ላይ አንድ ደቂቃ ገዝቻለሁ» አሉኝ። ዕቃቸው መከለሻ ነው። ቤተሰቡ ዶሮ ወጥ ሲሠራ እንዲሰማ፣ የመከለሻው ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ፈለጉ።

በአንድ ማታ ጽፌ ጨረስኩት። እናት ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ልጅ መከለሻውን ነስነስ ታደርግበታለች፣ ከዚያ ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ «እንዴት ይጣፍጣል!» ትላለች። የመከለሻው ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። እኔ በጣም ወድጄው ነበር።

አክስቴ ሁለት መስመር እንዳነበበች ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ማናት ይቺ ቅዳም ሹር ላይ የምትቀምስ?» አለች። እውነቷን ነው። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፤ ሠሪዋ 55 ቀን ጾማ ገና አልፈታችም። በዚያን ቀን ሊጡም ወጡም የሚታወቀው በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነበር፤ «መከለሻ ቁሌት ላይ ገብቶ ግማሽ ቀን ሲንተከተክ መዓዛው የት ይቀራል?» ኮረሪማውም ቅርንፉዱም ሽታቸው በእንፋሎት ይወጣል። ለዚህ ነው ወጡ ሊወጣ ሲል፣ እሳቱ ተቀንሶ፣ ተነስንሶ ወዲያው የሚከደነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቶ ግን ሁለቱ ስህተቶች ታሪኩን ራሱን እንደሰጡኝ ገባኝ። መቅመስ ካልተቻለ ስለ ጣዕም የሚያወራ ሰው የለም፤ የሚቀረው ሽታ ነው፣ መከለሻ ደግሞ ሥራው ሽታ ነው። ድስቱ ውስጥ መጨረሻ የሚገባው ነገር ታሪኩም ውስጥ መጨረሻ ይግባ። ከዚያ በኋላ ስሙን የት ልሸጉጠው ብዬ አልተጨነቅሁም።

እንደገና ስጀምር በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ የነበረውን ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመጣ ልጅ አወጣሁት። የበዓል ማስታወቂያ ሁሉ በር የሚያንኳኳ ልጅ አለውና። በሱ ፋንታ ምድጃ ዳር ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ አያት አስገባሁ። እሳቸው ስለማያዩ የልጅ ልጃቸውን እየጠየቁ ያዟታል፤ የሬዲዮ አድማጭም አያይም፣ ስለዚህ በእሳቸው ጆሮ ይሰማል።

ቀኑንም «ዛሬ ቅዳም ሹር ነው» ብሎ የሚናገር ተራኪ አላስፈለገኝም። አያት «ራስሽ ላይ ያለው ቄጠማ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ» ይላሉ፤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ተቀብሎ ራሱ ላይ ያሰረ ሁሉ ቀኗን ያውቃታል። የግማሽ ቀን ሥራን አንድ ደቂቃ ውስጥ የጨመርኩት በሦስት ድምፅ ነው፦ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ቁሌቱ ሲንጨሰጨስ፣ ክዳን ሲከደን። በመካከል አያት «ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ድምፁ ደርቋል፣ ሊያር ነው» ይላሉ። ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ሲገባ፣ እንቁላሉ ሲላጥ የሚያሳየውን ክፍል ሰረዝኩት። ሁሉም የሚያውቀውን መተረክ ደቂቃ ይበላል።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ፦

«አሁን ነው እማማ?»
«ቆይ፤ መጀመሪያ ፍሙን ጎተት አድርጊው።»
(ከረጢት ሲቀደድ፤ ክዳን ሲከደን)
«እሰይ! ይሄ የቤት ነው።»
«የተገዛ ነው እማማ።»
«አትዋሺኝ፤ ነገ ፋሲካ ነው።»

ከዚያ ሌላ ድምፅ የመከለሻውን ስምና የሚገኝበትን ሱቅ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ አለቀ። (ስሙን እዚህ የማልጠራው ይሄም ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ነው።)

የመከለሻው ባለቤት ግን አልተስማሙም። ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን አያት እንዲናገሩት ፈለጉ፤ «ብር የከፈልኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉ። ጮክ ብዬ ሁለቱንም አነበብኩላቸው። አያት «አትዋሺኝ» ካሉ በኋላ ስልክ ቁጥር ሲቆጥሩ ሲሰሙ ባለቤቷ ራሳቸው ሳቁ። ቁጥሩ ወደ ሁለተኛው ድምፅ ሄደ፣ ዋጋው ቀረ። በሰዓት ስለካው አሁንም ከደቂቃው 20 ሰከንድ ይበልጥ ስለነበር መሐል ላይ ብቅ የምትለውን የጎረቤት ጉብኝት ቆረጥኩ። እሷን ሳስወጣ አዝኛለሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነበራት።

በዋዜማው ተላለፈ። አክስቴ ቁሌቷ ላይ ቆማ ሰማችው፣ አልሳቀችም።

«ጨዉስ?» አለችኝ። «ሳይቀመስ ጨዉን በምን አወቁት?»