ፍሰት ሲያሳድድ ቧንቧ የሚፈለቅቅ ፓምፕ፦ ልጓሙን እንዴት አበጀሁለት

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ያለ አንድ የአትክልትና ፍራፍሬ እርሻ ነው። ፓምፑ ከሐይቁ ውሃ ይስባል። በማጣሪያ አሳልፎ ወደ መስኖ መስመሮቹ ይገፋል። ኢንቨርተር ስላለው ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ፓምፑን የሚያዘው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ውስጥ ያለው የፍሰት ኮንትሮለር አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፦ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲሄድ ማድረግ። ፍሰቱ ሲቀንስ ፓምፑን ያፈጥናል፤ ሲበዛ ያዘገያል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዋናው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ተፈልቅቆ ወጣ። ውሃው ማሳውን አጥለቀለቀው። ሰው ሁሉ የጠረጠረው የመገጣጠሚያውን ሥራ ነበር። እኔ ግን ስክሪኑ ላይ የተመዘገበውን ሳይ ሌላ ነገር አገኘሁ።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ አብዛኞቹን የመስመር ቫልቮች ዘግተዋል። ውሃው መሄጃ አጣ፤ ፍሰቱ ወረደ። ኮንትሮለሩ ይህን ሲያይ የታዘዘውን አደረገ፤ ፓምፑን አፈጠነው። ፍሰቱ አልጨመረም። እሱም እያፈጠነ ሄዶ 50 ኸርዝ ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ የፓምፑን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ፓምፕ በ50 ኸርዝ እየዞረ መውጫው ቢዘጋበት 8.5 ባር ግፊት ይፈጥራል። ግፊቱ የሚለዋወጠው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በወትሮው የሚሠራው በ40 ኸርዝ ገደማ፣ ማለትም በ80 በመቶ ፍጥነት ነው። 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፤ በ8.5 ሲባዛ 5.4 ባር። ቧንቧው የተሠራው ለ8 ባር ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ፍጥነቱን ባለበት ቢተወው ኖሮ፣ ቫልቮቹ በሙሉ ቢዘጉ እንኳ ቧንቧው ምንም አይሆንም ነበር። ጉዳቱን ያመጣው ፍሰቱን ማሳደዱ ነው።

መፍትሔው በሙያው ኦቨራይድ የሚባለው ነው። ከፍሰት ኮንትሮለሩ ጎን የግፊት ኮንትሮለር ጨመርኩ። ገደቡ 6 ባር ነው። ሁለቱም የሚፈልጉትን ፍጥነት ያሰላሉ። ከሁለቱ ትንሹን የሚመርጥ መራጭ ደግሞ ያንን ብቻ ወደ ኢንቨርተሩ ይልካል። በደህናው ጊዜ የግፊቱ ኮንትሮለር ገና ብዙ ቦታ ስላለው ትልቅ ቁጥር ይሰጣል፤ ማንም አይሰማውም። ግፊቱ ሲወጣ ቁጥሩ ይወርድና መሪውን ይይዛል። ከዚህ ሌላ 7.5 ባር ላይ ፓምፑን የሚያቆም የግፊት ስዊች አስገባሁ። ሽቦው በፒኤልሲው በኩል አያልፍም፤ በቀጥታ ኢንቨርተሩን ያቆማል። ኦቨራይድ ሥራው እንዳይቋረጥ የሚረዳ ነው እንጂ የአደጋ ማቋረጫን አይተካም።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከሸፈ። ቫልቮቹን ስንዘጋ ግፊቱ 6 ባርን አልፎ ወጣ፤ ስዊቹ ፓምፑን አጠፋው። ችግሩ የኢንተግራል መከማቸት ነበር። በወትሮው ግፊቱ 4.2 ባር ነው፤ ገደቡ 6። ያልተመረጠው የግፊት ኮንትሮለር ይህን ልዩነት ሰዓታት ሙሉ ሲደምር ቆይቶ 100 በመቶ ላይ ተቀምጧል። ግፊቱ 6ን እስኪያልፍ ድረስ ኢንተግራሉ መውረድ አይጀምርም። ከጀመረ በኋላም ከ100 ተነስቶ ግፊቱን 6 ባር ላይ ወደሚያቆመው 84 እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። የፍሰቱ ኮንትሮለር ደግሞ ያንን ጊዜ ፓምፑን እያፈጠነ ይጠቀምበታል።

ዘዴው፣ የሁለቱንም ኢንተግራል መራጩ ከመረጠው ውጤት ጋር ማሰር ነው። ያልተመረጠውም ኮንትሮለር ፓምፑ አሁን በእውነት በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ለብቻው አይነጉድም።

```
FC_OUT := FC_KP*(FC_SP - FC_PV) + FC_RST;
PC_OUT := PC_KP*(PC_SP - PC_PV) + PC_RST;
OUT := LIMIT(50.0, MIN(FC_OUT, PC_OUT), 100.0);
FC_RST := FC_RST + (DT/FC_TI)*(OUT - FC_RST);
PC_RST := PC_RST + (DT/PC_TI)*(OUT - PC_RST);
```

እዚህ `FC` የፍሰቱ፣ `PC` የግፊቱ ኮንትሮለር ነው፤ `SP` የሚፈለገው፣ `PV` የተለካው፣ `RST` ደግሞ ኢንተግራሉ ነው። በቁጥር እንየው። `PC_KP` 8 ነው፤ ለአንድ ባር 8 በመቶ ማለት ነው። በወትሮው `OUT` 80 ነው፤ ሁለቱም `RST` 80 ናቸው። የግፊቱ ልዩነት 1.8 ባር ስለሆነ `PC_OUT` 94.4 ይሆናል፤ አልተመረጠም፣ ግን ቅርብ ነው። ቫልቭ ሲዘጋና ግፊቱ 5.4 ሲደርስ ልዩነቱ 0.6 ይሆናል። `PC_OUT` ወዲያው 84.8 ላይ ይወርዳል። ፍሰቱ በሰዓት ወደ 100 ሜትር ኩብ ስለወረደ የፍሰቱ ኮንትሮለር በበኩሉ 96 ይጠይቃል። መራጩ 84.8ን ይወስዳል። ግፊቱ ገና 6 ሳይደርስ ልጓሙ ተያዘ ማለት ነው። በድጋሚ ሙከራው ከፍተኛው ግፊት 6.1 ባር ነበር። ቫልቮቹ ሲከፈቱም ፓምፑ ዘሎ ወደ 50 ኸርዝ መሄዱ ቀረ፤ የፍሰቱም ኢንተግራል ስለታሰረ ነው።

`PC_KP`ን ከዚህ ከፍ አድርጌ ሞክሬ ነበር። ግፊቱ ትንሽ ሲወዛወዝ መሪው በሁለቱ መካከል ይመላለስ ጀመር፤ ከፓምፑ ድምፅ ራሱ ይለያል። መለስኩት። ቫልቮቹ በሙሉ ከተዘጉ ደግሞ ውሃው እዚያው ፓምፑ ውስጥ ሲሽከረከር ይሞቃል። ስለዚህ ፍሰቱ ከ20 ሜትር ኩብ በታች ሆኖ 2 ደቂቃ ከቆየ ፓምፑ እንዲቆም አደረግሁ።

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን ከኮዱ ውጭ የሆነው ነገር ነው። ክረምት ገባ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ ማጣሪያዎቹ በደለል መያዝ ጀመሩ። ግፊቱ ከማጣሪያው በፊት ስለሚለካ ወደ 6 ባር ወጣ። ኦቨራይዱም ፓምፑን ያዘ፤ ፍሰቱ 120 ላይ ቆመ። የፓምፑ ኃላፊ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ማታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ፓምፕ ደክሟል መሰለኝ። 180 ብለው 120 ነው የሚሰጠኝ። በእጅ አድርጌ 48 ላይ አስኬድኩት።»

«ጋሼ፣ በየትኛው ነው በእጅ ያደረጉት? በስክሪኑ ነው በኢንቨርተሩ?»

«በኢንቨርተሩ ነዋ።»

በኢንቨርተሩ ሲሆን መራጩ ከነኮንትሮለሮቹ ከጨዋታ ውጭ ነው። ወደ አውቶ እንዲመልሱት ለመንኳቸው፤ መለሱት። በማግስቱ ሄጄ ሁለት ነገር አስተካከልኩ። የእጅ ቁጥሩ በስክሪኑ ብቻ እንዲገባ፣ እሱም በፍሰት ኮንትሮለሩ ቦታ ወደ መራጩ እንዲገባ አደረግሁ። ጋሼ 48 ቢሉም ግፊቱ ካልፈቀደ ፓምፑ አይሄድም። የኢንቨርተሩን ቁልፎች በይለፍ ቃል ቆለፍኩ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ «ግፊት ይዞታል፤ ማጣሪያውን እይ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ፓምፑ ለምን እንደተያዘ የሚነግራቸው ነገር አልነበረም።

የቀረው ግፊቱን ለክቶ ለፒኤልሲው የሚልከው ትራንስሚተር ነበር። ሽቦው ቢበጠስ ምልክቱ ከ4 ሚሊ አምፒር በታች ይወርዳል። ፒኤልሲው ይህን ዜሮ ባር ብሎ ያነበዋል፤ ኦቨራይዱም ድምፁን ሳያሰማ ይሞታል። አሁን ምልክቱ ከ3.6 ሚሊ አምፒር ከወረደ ብልሽት ነው ይባልና የፍጥነቱ ጣሪያ 80 በመቶ ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ቫልቭ ቢዘጋም ባይዘጋም ግፊቱ ከ5.4 ባር አያልፍም። ጋሼና እኔ በየወሩ ሽቦውን ነቅለን እናየዋለን፤ ቀጥለንም ቫልቭ በቀስታ እየዘጋን ቢጫው ጽሑፍ በስንት ባር እንደሚበራ መዝገብ ላይ እንጽፋለን።