የማያርፈው የሳጥን ቁልል

አራት ኪሎ በሚገኘው ቢሯችን ለስልክ በምንሠራው ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ የለስላሳ ሳጥኖችን ከሱቅ በር እያነሳ አይሱዙ ላይ የሚደረድርበት አንድ ደረጃ አለ። ሳጥኖቹ በጠቅላላ 40 ናቸው። ጨዋታው በኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሄድ ነበር፤ ዋጋው መካከለኛ በሆነ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ሳጥን ሲጫን ምስሉ መንቀርፈፍ ጀመረ። የሚገርመው ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ ቢቀመጥም መንቀርፈፉ አለመቆሙ ነበር።

የዚህ ሳጥን የግጭት ቅርጽ፣ ማለትም ፊዚክሱ ንክኪን የሚያሰላበት የማይታይ ቅርጽ፣ ከመጀመሪያውም አስቸጋሪ ነው። ጨዋታውን የምንሠራበት ሶፍትዌር ዩኒቲ `Rigidbody` ያለውና በግፊት የሚንቀሳቀስ ዕቃ የሞዴሉን ገጽ እንዳለ የሚከተል ጎድጓዳ `Mesh Collider` እንዲይዝ ስለማይፈቅድ `Convex` የሚለውን ምርጫ ማብራት ግድ ይላል። ምርጫው ሲበራ ግን ዕቃው በተወጠረ ላስቲክ እንደተጠቀለለ ያህል ጎድጓዳው ሁሉ ይደፈናል፤ ጠርሙሱም ወደ ሳጥኑ መግባቱ ቀርቶ አፉ ላይ ይቆማል። ሞዴል የሚሠራልን ባልደረባ ይህን ለማለፍ ሳጥኑን V-HACD በተባለው መሣሪያ ጎድጓዳ ወደሌላቸው 32 ኮንቬክስ ቁርጥራጮች ከፋፈለው፤ ጠርሙሱም በትክክል ገባ። በአንድ ሳጥን ብቻ ለሞከረው ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን በቁጥሩ ላይ ነበር፤ 40 ሳጥን በ32 ሲባዛ 1,280 ቅርጽ ይሆናልና። ቁጥሩ በእርግጥ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ቆሞ ሳለ ስልኩ ለምን እንደሚደክም አይገልጽም። መልሱን ያገኘነው የጨዋታውን ሥራ በሚለካው `Profiler` ውስጥ ካለው የፊዚክስ ክፍል ነው። ጭነቱ ካበቃ ከረጅም ጊዜ በኋላም ነቅተው የሚሰሉትን ዕቃዎች የሚቆጥረው `Active Dynamic Bodies` የሚለው ቁጥር ከተጫኑት ሳጥኖች ብዛት ዝቅ አላለም። የፊዚክስ ሞተሩ ፍጥነቱ እጅግ ያነሰን ዕቃ አስተኝቶ ስሌቱን ያቆማል፤ የእኛ ሳጥኖች ግን አንዳቸውም አልተኙም።

ምክንያቱ በቅርብ ሲታይ ግልጽ ሆነ። V-HACD ቅርጹን መጀመሪያ ወደ ጥቃቅን ኪዩቦች ስለሚለውጠው ቁርጥራጮቹ የሳጥኑን ጠርዝ የሚከተሉት በግምት ነው። የግጭት ቅርጾችን በምስል የሚያሳየውን `Physics Debugger` ከፍተን አንዱን ሳጥን ስናጎላው የላይኛው ከንፈሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ቀርቶ እዚህም እዚያም በጥቂት ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ ከቁርጥራጮቹም ብዙዎቹ ማንም የማይነካቸውን የእጀታ ቀዳዳዎች ለመቅረጽ የዋሉ ነበሩ። ላይኛው ሳጥን በጥቂት ጉብታዎች ላይ ስለሚያርፍ መንካኪያ ነጥቦቹ በየስሌቱ ይለዋወጣሉ፤ ዓይን በማያየው መጠን ይወዛወዛል። የሚነካኩ ዕቃዎች ደግሞ የሚተኙት አብረው ስለሆነ አንድ የሚወዛወዝ ሳጥን ቁልሉን በሙሉ ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ራሱን ያባብሳል። ፊዚክሱ በየ0.02 ሰከንድ እንዲሰላ ተደርጎ ሳለ አንዱ ስሌት ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ ቀጣዩ ምስል ከመሣሉ በፊት የተጠራቀሙት ስሌቶች ሁሉ መሠራት አለባቸው፤ እነሱም ተጨማሪ ጊዜ ስለሚበሉ ውዝፉ `Maximum Allowed Timestep` የሚለው ገደብ ላይ እስኪደርስ ያድጋል። ኮምፒውተሩ ይህ ያልደረሰበት ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሳጥኖቹ እዚያም ቢሆን አልተኙም ነበር።

ቁርጥራጮቹን አውጥተን በምትካቸው ቦክስ ኮላይደር የሚባሉ አምስት ቀላል ባለ ቀጥ ጠርዝ የግጭት ቅርጾች አስገባን፤ አራቱ ለግድግዳዎቹ፣ አንዱ ለወለሉ። የአራቱንም ግድግዳዎች ከፍታ በአይን ለክተን ሳይሆን ተመሳሳይ ቁጥር ጽፈን ነው የወሰንነው፤ ዋናው ጥቅም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ባልደረባችን፣ «የእጀታው ቀዳዳና የውስጥ ክፍልፋዮቹስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ እጅ በጨዋታው ስለሌለ ተውነው። ክፍልፋዮቹን በተመለከተ፣ ጠርሙሱ ቦታው ላይ ሲደርስ የራሱ ፊዚክስ ጠፍቶ ክብደቱ በሳጥኑ ላይ እንዲደመር አደረግን። ቅርጾቹ ወደ 200 ወረዱ፤ ከሁሉም በላይ ግን ጭነቱ እንዳለቀ የነቁት ዕቃዎች ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ።

መከፋፈሉን ከነጭራሹ አልተውነውም። በደረጃው ውስጥ አንድ ብቻ የሆነውና እጀታው የተጠማዘዘው የእጅ ጋሪ በቦክስ ስለማይመሰል በስምንት ቁርጥራጭ ተወስኖ ቀረ፤ ምንም አይቆለልበትምና ጉብታው አይጎዳም። ከበስተጀርባ የሚታየው የድል ሐውልት ደግሞ ስለማይንቀሳቀስ ጎድጓዳ ሜሹን እንዳለ ያዘ። አይሱዙው ሲነሳ ሳጥኖቹ ሁሉ እንደገና መንቃታቸው ግን በአምስት ቦክስም አልቀረም፤ ስለዚህ የጭነቱ በር ሲዘጋ ፊዚክሱ እንዳይገፋቸው `isKinematic` አብርተን የመኪናው አካል እናደርጋቸዋለን።