የ3,500 ብር ልዩነት

በ2001 ዓ.ም. የሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ እኔ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ድርጅቱ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ምስማር በጅምላ ይሸጥ ነበር፤ መዝገቡም ግብይቱ መጀመሪያ ከሚሰፍርበት ጆርናል በየሒሳቡ ተለይቶ እስከሚዛወርበት ሌጀር ድረስ በእጅ የሚጻፍ ነበር። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት የሌጀሩን ቀሪ ሒሳቦች አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆን ያለባቸውን ትራያል ባላንስ ስደምር የግራው ወገን ዴቢቱ 4,216,900 ብር፣ የቀኙ ወገን ክሬዲቱ ደግሞ 4,213,400 ብር ሆነ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ደመርኩ፤ ልዩነቱ ያው 3,500 ብር ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። ከአራት ሚሊዮን ብር ውስጥ 3,500 ብር ምን ያህል ነው፣ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብላችሁ አስገቡትና ወደ ግብሩ ሥራ እንለፍ አሉ። እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ዋና ሒሳብ ሹማችን ግን ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ ሴት ስለነበሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄ የስህተቶቹ ቀሪ ነው፤ ስህተቶቹ ራሳቸው ስንት እንደሆኑ ገና አላወቅንም» ብለው መለሱ። አባባላቸው የገባኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት በትምህርት ቤት የተማርኩትን አቋራጭ መሞከር ነበር። አንድ የዴቢት መጠን በስህተት ወደ ክሬዲት ከገባ ዴቢቱ በዚያ መጠን ይጎድላል፣ ክሬዲቱም በዚያው መጠን ይበዛል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የመጠኑ እጥፍ ስለሚሆን ለሁለት አካፍሎ የተገኘውን ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ መፈለግ ነው። የ3,500 ግማሽ 1,750 ነው። ሌጀሩን ሳገላብጥ በኅትመት ወጪ ገጽ ላይ በዴቢት የተመዘገበ 1,750 ብር አገኘሁና ደስታዬ ወሰን አጣ። የክፍያ ቫውቸሩን እንኳ ሳላይ ቁጥሩን ሰርዤ ወደ ክሬዲት ለማዛወር ቀይ እስክርቢቶ አነሳሁ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉኝ ዋና ሒሳብ ሹሟ፤ «ይህ ወጪ በየትኛው ወገን መሆን አለበት?»

ወጪ ነውና በዴቢት መሆን ነበረበት፤ ያለውም በዴቢት ነበር። ልክ የነበረውን ቁጥር ወደ ክሬዲት ባዛውረው ኖሮ ዴቢቱ በ1,750 ቀንሶ፣ ክሬዲቱ በ1,750 ጨምሮ ትራያል ባላንሱ እኩል ይሆን ነበር፤ እኔም አንድ አዲስ ስህተት ፈጥሬ ሥራው አለቀ ብዬ እሄድ ነበር። ሌላው አቋራጭ፣ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ለማየት ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ነው፤ 3,500 ለ9 እኩል አይካፈልም። ዋና ሒሳብ ሹሟ እንዳስረዱኝ እነዚህ ሁለት መፈተሻዎች የሚሠሩት ስህተቱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ስህተቶች ከተደራረቡ ልዩነቱ የአንዳቸውንም መልክ ላይይዝ ይችላል።

ከዚያ በሌጀሩ መጨረሻ ባዶ ገጽ ከፍተው «ሰስፔንስ አካውንት» የሚል ርዕስ ጻፉ፤ በአማርኛ ተንጠልጣይ ሒሳብ የምንለው ነው። ያነሰው ክሬዲቱ ስለሆነ 3,500 ብሩን በክሬዲት አስገቡና ትራያል ባላንሱ ለጊዜው እኩል ሆነ። ይህን ያደረጉት ረቂቅ ሪፖርቱን ማዘጋጀት እንድንጀምር ነው፤ የግብር ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ ቢኖረውም ባለቤቱ ለባንክ ብድር ረቂቁን ይፈልጉት ነበር። ገጹ በመጨረሻ ዜሮ መሆን እንዳለበት፣ የምናገኘው እያንዳንዱ ስህተትም በጆርናል ቫውቸር ተደግፎ እንጂ በስርዝ በድልዝ እንደማይታረም አስጠነቀቁኝ።

በማግስቱ እኔ ቀይ እርሳስ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰማያዊ እርሳስ ይዘን የገንዘብ መዝገቡን ከሌጀሩ ጋር ማመሳከር ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ በሌጀሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ቀለም አቅራቢ በቼክ የተከፈለ 8,640 ብር በአቅራቢው ገጽ ላይ 6,840 ሆኖ ተገኘ። የባንኩ ወገን ትክክል ነበር፤ ወደ አቅራቢው ሌጀር ሲዛወር ግን ስምንትና ስድስት ቦታ ተለዋውጠዋል። የጎደለው 1,800 ብር ለ9 ሲካፈል 200 ይሆናል፤ ቦታ የተለዋወጡ አሃዞች ልዩነት ምንጊዜም ለ9 እኩል ይካፈላል። ቢሆንም ያ ምልክት በ3,500 ውስጥ ተውጦ ስለነበር በስሌት ልናገኘው አንችልም ነበር።

ማረሚያውን እንደሚከተለው አዘጋጀሁ፤ አቅራቢው በዴቢት 1,800፣ ሰስፔንስ በክሬዲት 1,800። ገጹ ላይ ሳሰፍረው ግን ደነገጥኩ። ይቀንሳል ብዬ የጠበቅሁት ቀሪ ከ3,500 ወደ 5,300 አደገ። ተሳስቻለሁ ብዬ ቫውቸሩን ልቀደው ስል ሹሟ፣ «ተወው፣ ትክክል ነህ» አሉኝ። አንዱ ስህተት ዴቢቱን ሲያሳንሰው ሌላው ክሬዲቱን አሳንሶት ስለነበር እርስ በርስ ሲሸፋፈኑ ቆይተዋል ማለት ነው። አንዱን ስናነሳው የሌላው መጠን ይበልጥ ተገልጦ ታየን። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን የራሴን ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ለመጋዘኑ ምስማር መመዘኛ የተገዛ የ28,000 ብር ሚዛን በቋሚ ዕቃ ሒሳብ መመዝገብ ሲገባው ለሽያጭ ከሚገዛው ሸቀጥ ጋር «ግዢ» ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። በደስታ ዕቃውን በዴቢት፣ ሰስፔንስን በክሬዲት 28,000 አድርጌ መዘገብኩ። የሰስፔንሱ ቀሪ 33,300 ብር ደረሰ! ሹሟ ገጹን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይህ ስህተት ትራያል ባላንሱን አዛብቶት ነበር ወይ?» አላዛባውም፤ 28,000 ብሩ በዴቢት ገብቶ በዴቢት ነው ያለው፣ የተቀመጠበት ሒሳብ ብቻ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ማረሚያው ዕቃውን በዴቢት፣ ግዢን በክሬዲት ማድረግ ነው፤ ሰስፔንስ በዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። የመርህ ስህተት የሚባለው ይህ ነው፤ የዓመቱን ትርፍ በ28,000 ብር አሳንሶ ሲያሳይ ትራያል ባላንሱ ላይ ግን ምንም ኮሽታ አላሰማም። ዕቃው ራሱ ሚዛን መሆኑ ለረጅም ጊዜ በቢሮው ውስጥ መቀለጃ ሆኖብኝ ነበር። የተሳሳተውን ቫውቸር በተቃራኒ ቫውቸር ሰርዘን ወደ 5,300 ተመለስን።

ሁለተኛው ትክክለኛ ግኝት የባልደረባዬ ነበር። በገንዘብ መዝገቡ የገቢ ወገን፣ ቶሎ ለከፈሉ ደንበኞች የሰጠነው ቅናሽ በራሱ ዓምድ ይመዘገብና በወሩ መጨረሻ ድምሩ «የተሰጠ ቅናሽ» በሚለው ሒሳብ በዴቢት ይገባል። የጥር ወር ድምር 2,350 ብር ግን «የተገኘ ቅናሽ» በሚለው ሒሳብ በክሬዲት ገብቶ ነበር። የደንበኞቹ ገጾች ላይ በክሬዲት የተመዘገበው ዝርዝር ትክክል ስለነበር ሁለቱም የግብይቱ ወገኖች ክሬዲት ሆነዋል። ማረሚያው የተሰጠ ቅናሽን በዴቢት 2,350፣ የተገኘ ቅናሽን በዴቢት 2,350፣ ሰስፔንስን ደግሞ በክሬዲት 4,700 የሚያደርግ ነበር። የገጹ ቀሪ አሁን 10,000 ብር ሞላ።

ሹሟ ይህን ቁጥር ሲያዩ ፈገግ አሉ። «አሁን ቫውቸር ማገላበጡን ተዉት፤ ድምሮችን ብቻ እዩ» አሉን። እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመደመር ወይም ከገጽ ወደ ገጽ ከማዞር ነው፤ አንድ አሃዝ በአንድ ስትሳሳት ልዩነቱ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ ወይም አሥር ሺህ ይሆናል። የክሬዲቱን ጉድለት ስለምንፈልግ በሽያጭ ጆርናል ጀመርን። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። በሚያዝያ ወር የአንድ ገጽ የታችኛው ድምር 486,350 ሆኖ ሳለ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ «የዞረ» ተብሎ የተጻፈው 476,350 ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የስምንት አጻጻፌ ላዩ ስለማይገጥም ራሴው እንደ ሰባት አንብቤዋለሁ። ለደንበኞቹ የተመዘገበው ከየደረሰኙ ስለነበር ልክ ነበር፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱም ዓምድ ልክ ነበር፤ ወደ ሽያጭ ሒሳብ የገባው የወሩ ድምር ብቻ በ10,000 ብር አንሶ ነበር። የሽያጩንና የታክሱን ዓምዶች ድምር ከጠቅላላው ዓምድ ጋር በየገጹ አስተያይቼ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይያዝ ነበር።

ሰስፔንስን በዴቢት፣ ሽያጭን በክሬዲት 10,000 አድርገን ገጹ ዜሮ ሆነ። ሹሟ ቀሪውን በሁለት መስመር ካሰመሩበት በኋላ ባለቤቱን አስጠሩና ሒሳቡን አሳዩአቸው። 3,500 ብሩን ገቢ ብለን ብናስገባው ኖሮ ትርፉ በ3,500 ይጨምር ነበር፤ በእርማቱ ግን በሽያጩ 10,000 ጨምሮ በቅናሹ 4,700 ሲቀንስ የትርፉ ጭማሪ 5,300 ብር ነው። ከዚያ ሌላ ለአቅራቢው የሌለብንን 1,800 ብር ዕዳ ተሸክመን እንቀር ነበር። የሚዛኑ 28,000 ብር ለብቻው ነው። በድምሩ 16,500 ብር የሚሆኑ ሦስት ስህተቶች ናቸው 3,500 መስለው የታዩን። ባለቤቱ ወረቀቱን ትኩር ብለው አይተው ምንም ሳይናገሩ ወጡ።

እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ መዝገቡን ከደንኩ። በመስከረም መጨረሻ ግን አንድ የቆርቆሮ ደንበኛ የባንክ ማስገቢያ ወረቀቱን ይዞ መጣና በግንቦት የከፈለው 18,500 ብር ከዕዳው እንዳልተቀነሰለት ተናገረ። ሌጀሩን ስንከፍተው ገንዘቡ ስሙም የአባቱም ስም ከእርሱ ጋር አንድ በሆነ ሌላ ደንበኛ ገጽ ላይ በክሬዲት ተቀምጧል። ያመሳከርነው ከገንዘብ መዝገቡ ጋር ነበር፤ እዚያ የተጻፈው ስምና የአባት ስም ብቻ ስለሆነ ሁለታችንም ምልክት አድርገን አልፈነዋል። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀን ከሸኘነው በኋላ ሌላውን ደንበኛ በዴቢት፣ ይህኛውን በክሬዲት 18,500 የሚያደርግ ቫውቸር አዘጋጅቼ ለፊርማ ወሰድኩላቸው።

ሹሟ ከመፈረማቸው በፊት ቀና ብለው፣ «ሰስፔንስ ነካህ?» አሉኝ።

«አልነካሁም» አልኳቸው። ፈረሙ።